8 ሰዓት ስትይ የቱን 8?

«እትዬ፣ እንደምን ነዎት? የምሠራው ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው፣ ስብሰባ ማዘጋጀት የኔ ሥራ ነው። ኅዳር ላይ ለነበረን ውይይት ለሁሉም ሰው ‹9/3/2018፣ 8:00 LT› ብዬ ላክሁ። ግማሹ ጠዋት መጣ፣ ግማሹ ከሰዓት። የናይሮቢው እንግዳችን ‹ይሄ ቀን እኮ ድሮ አልፏል› ብሎ ጻፈልኝ። ሊመለስ ሲል ደግሞ ለሹፌሩ ‹በረራው ዓርብ ሌሊት 7:30 ነው› አልኩት፣ ሹፌሩ በማግስቱ ሌሊት ሆቴሉ ደረሰ፣ እንግዳው ግን በታክሲ ሄዶ ነበር። አለቃዬ ሁሉንም በኔ አላከከ። አሁን ጥር 19 ሌላ ስብሰባ አለን፣ 9 ሰዓት ላይ፣ ከጄኔቫም ሰው በኢንተርኔት ይገባል። እንዴት ብዬ ልጻፈው?»
ሰዓት ያምታታት፣ ከካዛንቺስ

የኔ ልጅ፣ አለቃሽ አበዛው እንጂ ግማሹ ጥፋት ያንቺ ነው። እኔም ጡረታ እስክወጣ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ይሄንን ጥፋት በየዓይነቱ አጥፍቼዋለሁ፣ ስለዚህ ያለ ይሉኝታ እነግርሻለሁ።

ከሰዓቱ ልጀምር፣ ትልቁ ጣጣ እዚያ ነው ያለው። በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት እንዳለ ማንም ያውቃል። እኛ ጎህ ሲቀድ እንጀምራለን፣ እነሱ እኩለ ሌሊት ላይ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን 6 የ12 ግማሽ መሆኑን ነው። ስለዚህ ብትደምሪም ብትቀንሺም እዚያው ትደርሻለሽ። የእኛ 8 የእነሱ 2 ነው፣ የእነሱ 8 ደግሞ የእኛ 2። 3ና 9፣ 4ና 10፣ 5ና 11 እንደዚሁ ይቀያየራሉ። እና ነገሩን ያከፋው እነዚህ ሁሉ የሥራ ሰዓት መሆናቸው ነው። ከሁለቱ ንባቦች አንዱ ሌሊት ላይ ቢወድቅ ኖሮ ሰው «ይሄ ነገር ተሳስቷል» ብሎ ይደውልልሽ ነበር። 8 ሰዓት ግን በእኛ ከምሳ መልስ ነው፣ በእነሱ ደግሞ ቢሮ መግቢያ፤ ሁለቱም ለስብሰባ ደህና ሰዓት ስለሆነ ማንም አልጠየቀሽም። ጠዋት የመጡት ሰዎች አልተሳሳቱም፣ ያነበቡትን ነው ያደረጉት።

«LT ብዬ ጽፌ የለ እንዴ» ትይኝ ይሆናል። እሱማ ነው ጉዱ! እዚህ ከተማ ውስጥ LT ስንል የሀበሻ ሰዓት ማለታችን ነው፣ ሁላችንም ተግባብተንበታል። የውጭ ሰው ግን LT ሲያይ የሚገባው «አዲስ አበባ ላይ ያለው ሰዓት» ነው፣ ልክ የአውሮፕላን ትኬት ላይ እንዳለው። ትኬት ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው፣ የሚቆጠረው ግን ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ያንቺ 8:00 LT ለእንግዳው ጠዋት፣ ለቢሮው ሰው ከሰዓት ሆነ። ቢሮሽ ውስጥም ቢሆን ኮምፒውተርና ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሚያይ ሰው አለ፣ እሱም ከእንግዳው ጋር ጠዋት መጣ። ሁለት ትርጉም ያለው ምልክት ከመጻፍ ባይጻፍ ይሻላል፣ ምክንያቱም ባይኖር ሰው ይጠይቃል፣ ሲኖር ግን የገባው ይመስለዋል።

ለአማርኛ አንባቢ መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ከቋንቋችን ውስጥ ነው የሚወጣው። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚሉትን ቃላት አትተዪ። እነዚህ ቃላት ከቁጥር ጋር ሲሆኑ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ራሳቸው ያጋልጣሉ። እስቲ ቁጠሪው፤ የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምርና 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እያለ እስከ ቀኑ 6 ይሄዳል። የፈረንጆቹ ጠዋት ከ6 እስከ 11 ነው። አንድም የሚጋጩበት ቁጥር የለም። ከሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ የእኛው ከ6 በኋላ 7፣ 8፣ 9፣ 10፣ 11 ነው፣ የእነሱ ደግሞ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5። ስለዚህ አንድ ሰው «ጠዋት 9 ሰዓት እንገናኝ» ካለሽ በፈረንጅ እያወራ ነው፣ በእኛ ጠዋት 9 የሚባል የለም። «ከሰዓት 3» ካለሽም እንደዚያው። «ከሰዓት 9» ካለ ግን የእኛ ነው፣ አለቀ። ለሰው ስትጽፊ ብቻ ሳይሆን የሰው መልእክት ስትቀበዪም ይሄንን ተጠቀሚበት፣ ብዙ ጊዜ ሳትደውዪ ታውቂዋለሽ።

12 ሰዓትን ግን ሁልጊዜ ተጠንቀቂው። በእኛ ንጋትም ነው ምሽትም ነው፣ በእነሱ ደግሞ እኩለ ቀንም ነው እኩለ ሌሊትም። ያለ ቃል ብቻውን ከተጻፈ አራት ቦታ ሊያርፍ ይችላል።

AM እና PM የሚሉትን ደግሞ ከእኛ ሰዓት ጋር በፍጹም አታጋቢ። ይሄ በየቢሮው የማየው በሽታ ነው። ሰው «ከሰዓት 8» ማለት ፈልጎ 8:00 PM ብሎ ይጽፋል፣ ፈረንጁ ደግሞ ማታ ራቱን በልቶ ሊመጣ ይዘጋጃል። ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት 3:00 AM የሚልም አለ። ይሄኛው ቶሎ ያስታውቃል፣ በዚያ ሰዓት ስብሰባ የሚጠራ ሰው የለም፣ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ላይ AM ካየሽ የሀበሻ ሰዓት ነው ብለሽ ጠርጥሪና ጠይቂ። አስቸጋሪው 8:00 PMና መሰሎቹ ናቸው፣ ምክንያቱም ማታ 2 ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ስብሰባ የሚያደርግ ሰው ዛሬ ሞልቷል።

ለውጭ ሰው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፊ። የእኛ ሰዓት ከ12 አያልፍም፣ ስለዚህ 15:00 ያየ ማንም ሰው፣ ሀበሻም ቢሆን፣ የሀበሻ ሰዓት ነው ብሎ ሊያስብ አይችልም። ግን ይሄ የሚሠራው ከ13 ጀምሮ ነው። 09:00 ብለሽ ብትጽፊ የእኛ ሰው 9 ሰዓት ብሎ ከሰዓት ሊመጣ ይችላል፣ ከፊቱ ያለውን ዜሮ የሚያይልሽ የለም። ስለዚህ የ24 ሰዓቱ አጻጻፍ ከሰዓት ላለ ስብሰባ ጥሩ ዋስትና ነው፣ ለጠዋት ግን ብቻውን አይበቃም።

ወደ ጥር 19 ስብሰባሽ እንምጣ። ማክሰኞ ነው። ሁለት መስመር ጻፊ፣ አንዱን ሙሉ በሙሉ በእኛ፣ ሌላውን ሙሉ በሙሉ በእነሱ። የአማርኛው እንዲህ ይሁን፦ «ማክሰኞ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት 9 ሰዓት»። የውጭው ደግሞ እንዲህ፦

```
Tue 27 January 2026, 15:00 Addis Ababa, UTC+3
```

ሁለቱንም መስመሮች ለሁሉም ሰው ላኪ። ለሀበሻ አንዱን ለውጭ ሰው ሌላውን ብለሽ ከለየሽ አንዱ ላይ ብትሳሳቺ ማን ይነግርሻል? ሁለቱን አብሮ የሚያይ ሰው ግን ካልተጣጣሙ ወዲያው ይደውላል። መደባለቅ ግን አይሆንም። የእኛን ወር ከፈረንጅ ሰዓት ጋር፣ «ጥር 19፣ 15:00» ምናምን፣ አድርገሽ ብትጽፊ አንባቢው የትኛውን ክፍል መቀየር እንዳለበት ግራ ይገባዋል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ይቀይረዋል።

መጨረሻ ላይ ያለው UTC+3 ለጄኔቫው ሰው ነው። UTC አገሮች ሁሉ ሰዓታቸውን የሚለኩበት የጋራ መነሻ ነው፣ +3 ደግሞ ከሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን ማለት ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ UTC+3 ነን፣ ሰዓት አንቀይርም። ጄኔቫ ግን በክረምታቸው UTC+1፣ በበጋቸው UTC+2 ነው። ጥር ለእነሱ ክረምት ስለሆነ 2 ሰዓት ይቀድሙናል ወይስ እንቀድማቸዋለን? እኛ ነን የምንቀድመው፣ ፀሐይ መጀመሪያ የምትወጣው ለእኛ ነው። ያንቺ 15:00 ለእሱ 13:00 ነው፣ ከምሳ መልስ፣ ጥሩ ሰዓት ነው። እንደ ኅዳሩ 8 ሰዓት ላይ አድርገሽው ቢሆን 12:00 ላይ፣ ልክ ምሳ ሲቀርብ ትጠሪው ነበር። ይሄ ስብሰባ በየወሩ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ እነሱ ሰዓታቸውን በማርች የመጨረሻው እሑድ እንደሚቀይሩ አስታውሺ፣ ዘንድሮ መጋቢት 20 ላይ ይውላል። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ 1 ሰዓት ብቻ ይሆናል፣ አንቺ ምንም ሳትነኪ የእሱ ስብሰባ ወደ 14:00 ይገፋል።

የናይሮቢው እንግዳ በሰዓት ቀጠና ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ እሱም UTC+3። እንዲያውም ስዋሂሊ ሲናገሩ እንደ እኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፣ ጠዋት 1 ሰዓት የሚሉት የፈረንጁን 7 ነው። ምሳ ላይ ብታነሺበት ጥሩ ወሬ ይወጣዋል። በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን ሁሌም በፈረንጁ ነው፣ ስለዚህ «እነሱም እንደ እኛ ናቸው» ብለሽ እንዳትዘናጊ።

ግብዣውን በኮምፒውተር ካሌንደር ስትልኪ ደግሞ አንድ ጉድጓድ አለ። ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለው 9 ሰዓት ነው፣ ጣትሽም ሳታስቢው 9:00 ይመታል፣ ካሌንደሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ብሎ ለሁሉም ይልከዋል። በደብዳቤው ከሰዓት ብለሽ በካሌንደሩ ጠዋት ጠራሽ ማለት ነው፣ ሰውም የሚያምነው ስልኩ ላይ የሚጮኸውን ነው። ስለዚህ 15:00 ብለሽ መሙላትሽን እይ፣ ከላክሽ በኋላም ራስሽ የደረሰሽን ግብዣ ክፈቺና ማክሰኞ፣ 15:00 የሚል መሆኑን አረጋግጪ። ግማሽ ደቂቃ ነው።

አሁን ቀኑ። 9/3/2018 ለእኛ ኅዳር 9 ነው፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ለናይሮቢው ሰው ግን የዛሬ 8 ዓመት ገደማ ያለፈ ማርች 9 ነው፣ አልፏል ማለቱ እውነቱን ነው። አሜሪካ ላለ ሰው ብትልኪው ደግሞ ወሩን ስለሚያስቀድሙ ሴፕቴምበር 3 ይሆን ነበር። ያውም ዓመቱን ሙሉ መጻፍሽ ነው ያዳነሽ፤ ዓመቱን ትተሽ 9/3 ብቻ ብትዪ ኖሮ ሰውየው መጪውን ማርች ጠብቆ ዝም ይል ነበር። የወሩን ስም በፊደል ጻፊ፣ ስሙ ራሱ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይናገራል። ጥር ያለ እኛ ነን፣ ጃንዋሪ ያለ እነሱ ናቸው።

ግን ስሙን ተርጉመሽ ቁጥሩን እንዳትተዪው። ይሄ በኔ ደርሷል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን መስከረም 20 የነበረውን ስብሰባ ሴፕቴምበር 20 ብዬ ለአንድ የውጭ እንግዳ ጻፍሁ፣ መስከረም 20 ግን ሴፕቴምበር 30 ነው። ሰውየው 10 ቀን ቀድሞ ሻንጣውን ይዞ ከች አለ። አለቃዬ አልጮኸብኝም፣ ዝም ብሎ አየኝ፣ ጩኸቱ ይሻለኝ ነበር። ያኔ የዕለቱን ስም ጽፌ ቢሆን ሰውየው «ይሄ ቀን እኮ በኛ ካሌንደር ላይ ሌላ ዕለት ነው» ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ማክሰኞ በሁሉም አቆጣጠር ማክሰኞ ነው። ዕለቱ ብቻ ነው ሳይለወጥ ከእኛ ወደ እነሱ የሚያልፈው። ስለዚህ ሁለቱም መስመር ላይ ዕለት ይኑር፣ ከየራሳቸው ካሌንደር ላይ አይተሽ የሞላሽው፣ አንዱን ከሌላው የገለበጥሽው ሳይሆን። ገልብጠሽ ከሞላሽው ምንም አይፈትሽልሽም።

ይሄ በተለይ ለጥር ስብሰባ ያስፈልግሻል። ከመስከረም ጀምሮ ልዩነቱ 7 ዓመት ነበር፣ ታኅሣሥ 23 ላይ ግን የእነሱ ዓመት ይቀየራል፣ የእኛው 2018 እንዳለ ሆኖ የእነሱ 2025 ሄዶ 2026 ይገባል። ግብዣውን የምትጽፊው ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ከሆነ እጅሽ 2025ን ለምዷል፣ 27 ጃንዋሪ 2025 ብለሽ መጻፍሽ አይቀርም። ያ ቀን ግን ሰኞ ነበር። ዕለቱን ካሌንደር ላይ ስታዪ ማክሰኞ አልመጣ ሲልሽ ያኔውኑ ትነቂያለሽ።

በቃል መቀየር የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ «ጥር 19 ላይ 8 ደምር፣ 27 ጃንዋሪ» እያሉ። ዘንድሮ ልክ ነው። ግን በሉቃስ ዘመን ጳጉሜን 6 ስትሆን ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። በ2016 ያየነው ነው፣ ዘመን መለወጫው ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፣ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ተከበረ፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ ሆነ። ቀጣዩ 2020 ነው። ያኔ ጥር 19 ጃንዋሪ 28 ይሆናል፣ በቃል የሚቆጥር ሁሉ እንግዳውን አንድ ቀን አስቀድሞ ይጠራል። በአንድ ቀን መሳሳት ደግሞ ከ10 ቀን ይብሳል፣ ስለማይታይ።

የቀረው የሹፌሩ ጉዳይ ነው። የእንግዳው ትኬት ዓርብ 01:30 ይላል፣ አንቺም 6 ጨምረሽ ሌሊት 7:30 አልሽ፣ ሒሳቡ ልክ ነው። ዕለቱን ግን እንዳለ ወሰድሽው። ለፈረንጆቹ እኩለ ሌሊት ካለፈ ዓርብ ገብቷል። ለእኛ ሰው ግን ሌሊቱ የሚቆጠረው ካለፈው ቀን ጋር ነው፣ ዓርብ ሌሊት ስትዪው ዓርብን ውሎ፣ ራቱን በልቶ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት ነው የሚያስበው። ቋንቋችን ለዚህ መላ አለው፦ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ። ይሄን ያልሽው ሹፌር አይሳሳትም፣ ሁለቱንም ዕለት በአንድ ጊዜ ነግረሽዋል። ትኬት ላይ ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት ባየሽ ቁጥር ይሄ አጥቢያ ነው ብለሽ አስቢ።

ከዚህም የሚሻል አለ። ለሹፌር የበረራውን ሰዓት ምን አስነገረሽ? እሱ አይበርም። ሰውየውን ከሆቴል የሚያነሳበትን ሰዓት ንገሪው። ሦስት ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ መነሳት ካለበት 22:00 ላይ ነው፣ ያ ደግሞ «ሐሙስ ኅዳር 11 ማታ 4 ሰዓት ሆቴሉ በር ላይ» ነው። አየሽ፣ እኩለ ሌሊቱን ሳይሻገር አለቀ፣ በእኛም በእነሱም ሐሙስ ነው። ከዚያ «በስንት ሰዓት ትመጣለህ?» ብለሽ ራሱ እንዲነግርሽ አድርጊ፣ «እሺ» ብቻ ካለሽ አልተግባባችሁም።

ሹፌሩን ግን ይቅርታ ጠይቂው፣ አንቺ በነገርሽው ሌሊት ነው የመጣው።